ስክሪኑ ከተሰበረና ከማይከፈት ስልክ ፎቶና ስልክ ቁጥር ማውጣት

ስክሪኑ የተሰበረ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ አልሞተም። ሲደወልበት ይጠራል፣ አላርሙ ይጮኻል፣ ቻርጅ ሲሰካበት ይነዝራል። ፎቶዎቹና ስልክ ቁጥሮቹ የተቀመጡት በማዘርቦርዱ ላይ በተበየደ ቺፕ ውስጥ ነው። መስታወቱ ሲሰነጠቅ እነሱ አይነኩም። የጠፋው የምታውቁትን ፒን ወይም ፓተርን የምታስገቡበት ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራው ቁልፉን መስበር ሳይሆን ለቁልፉ ሌላ በር መፈለግ ነው።

ቺፑን ነቅሎ በሌላ መሣሪያ ማንበብ አይቻልም ወይ የሚል ብዙ ነው። በድሮ ስልኮች ይቻል ነበር። አንድሮይድ ግን በ2016 ከወጣው 7ኛው ስሪት ጀምሮ ፋይሎችን በተናጠል መመስጠር ጀመረ። ከአንድሮይድ 10 ጋር ለገበያ በወጡ አዳዲስ ስልኮች ላይ ደግሞ ይህ ግዴታ ሆነ። ምስጢሩ የሚፈታው በሁለት ነገሮች ጥምረት ነው፤ በእናንተ ፒንና በዚያው ስልክ ፕሮሰሰር ውስጥ በተቀበረ ቁልፍ። ቺፑ ብቻውን ወጥቶ ቢነበብ የሚገኘው ትርጉም የሌለው ዳታ ነው። «ያለ ፒን እንከፍታለን» የሚሉ ሶፍትዌሮችም አብዛኞቹ የሚያደርጉት ስልኩን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መመለስ ነው። ስልኩ ይከፈታል፣ ፎቶው ግን አብሮ ይጠፋል።

ስልኩን ከመነካካት በፊት የምትፈልጉት ነገር ቀድሞ ወጥቶ እንደሆነ ማየት ይበጃል። በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር በዚያው የጉግል አካውንት ገብታችሁ contacts.google.com እና photos.google.com ክፈቱ። አይፎን ከሆነ iCloud.com ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናቀፍበት ነገር አለ። ጉግል «ማንነትህን አረጋግጥ» ብሎ ጥያቄውን ወደዚያው ወደተሰበረው ስልክ ይልካል። ያኔ ሌላ የማረጋገጫ መንገድ ምረጡ። ሲም ካርዱን ወደሌላ ስልክ ካዘዋወራችሁ ኮዱን በኤስኤምኤስ መቀበል ትችላላችሁ። ቁጥሮቹ ሲሙ ላይ ተቀምጠው ከነበረም እግረ መንገዳችሁን ታገኟቸዋላችሁ። ስልኩ ሜሞሪ ካርድ ካለውም አውጥታችሁ ሞክሩት። ካርዱ ግን እንደ ስልኩ የውስጥ ማስቀመጫ ሆኖ ፎርማት ተደርጎ ከነበረ ከዚያ ስልክ ውጭ አይነበብም።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ቀጣዩ ጥያቄ የተበላሸው ምኑ ነው የሚል ነው። ስክሪን የምንለው ተደራርቦ የተጣበቀ ነገር ነው። ላይኛው መስታወት ነው፣ ቀጥሎ ጣትን የሚያውቀው ተች፣ ከሥር ደግሞ ምስል የሚያሳየው ዲስፕሌይ። መስታወቱ ብቻ ከተሰነጠቀ ስልኩ እንደወትሮው ይሠራል። ምስል እየታየ ጣት ካልሰማ ተቹ ነው የሞተው። ድምፅ እያለ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ዲስፕሌዩ ነው።

እስከዚያው ስልኩን ቻርጅ ላይ አቆዩት፣ አታጥፉት። ጠፍቶ የተነሣ አንድሮይድ ፒን እስኪገባለት ድረስ አሻራ አይቀበልም። ሳይጠፋ ከቆየና የአሻራ ማንበቢያው በጎኑ ወይም በጀርባው ከሆነ ግን በጣት ብቻ ሊከፈት ይችላል። ይህም ገደብ አለው። ፒን ከገባ 72 ሰዓት ካለፈው እንደገና ፒን ይጠይቃል። ማንበቢያው ከስክሪኑ ሥር ያለ ዓይነት ከሆነ ብዙ ተስፋ አታድርጉበት። ብዙ ጊዜ ከዲስፕሌዩ ጋር አብሮ ይሞታል።

ቀላሉ ጉዳት ምስል እየታየ ተች የማይሰማው ነው። የሚያስፈልገው ኦቲጂ የሚባለው ትንሽ ማገናኛና ተራ የኮምፒውተር ማውስ ነው። ማውሱ ባለገመድ ወይም የራሱን ትንሽ ዩኤስቢ መቀበያ ይዞ የሚመጣ ይሁን። የብሉቱዝ ማውስ መጀመሪያ ከስልኩ ጋር መጣመር ስላለበት አይረዳም። ስትሰኩት ስክሪኑ ላይ ቀስት ይወጣል። ፓተርን ከሆነ የግራውን ቁልፍ እንደተጫናችሁ ነጥቦቹን እየጎተታችሁ ታገናኛላችሁ። ፒን ከሆነ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ትጫናላችሁ።

ስልኩ ተከፈተ እንበል። ደስታው የሚቋረጠው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ስልክ ያለው አንድ መሰኪያ ነው፣ እሱንም ማውሱ ይዞታል። ማውሱን ነቅላችሁ ኮምፒውተር ስትሰኩ ስልኩ ቻርጅ ብቻ ያደርጋል። ፋይል እንዲሰጥ «File transfer» የሚለውን መጫን ያስፈልጋል፣ የምትጫኑበት ተች ደግሞ የለም። መውጫው ሁለት ነው። አንደኛው ባለብዙ መሰኪያ ሃብ መጠቀም ነው። ማውሱንና ፍላሽ አብራችሁ ሰክታችሁ፣ የስልኩን የፋይል መተግበሪያ ከፍታችሁ ፎቶዎቹን ወደ ፍላሹ ትገለብጣላችሁ። ሁለተኛው ማውሱን ከመንቀላችሁ በፊት ሴቲንጉን ማዘጋጀት ነው። የስክሪን መቆለፊያውን «None» አድርጉ። «Build number» የሚለውን ሰባት ጊዜ ተጭናችሁ «Developer options» ክፈቱ። እዚያ ውስጥ «Default USB configuration» የሚለውን ወደ «File transfer» ቀይሩ። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተር ስትሰኩ ምንም መጫን ሳያስፈልግ ፎልደሮቹ ይታያሉ። ለእኔ ሃብ ያለው ሰው ሃቡን ይጠቀም፤ ሁለተኛው መንገድ አንድ ደረጃ ከተዘለለ ሁሉንም እንደገና ያስጀምራል።

ስልክ ቁጥሮቹ እንደ ፎቶ በፎልደር ውስጥ አይገኙም። የኮንታክት መተግበሪያውን ከፍታችሁ «Export» በሉት። ሁሉንም ቁጥር በአንድ የ.vcf ፋይል አድርጎ ያወጣላችኋል። ያንን ፋይል ከፎቶዎቹ ጋር ገልብጡት። ሌላ ስልክ ላይ ሲከፈት ቁጥሮቹ በሙሉ ይገባሉ።

ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ለምሳሌ ጋላክሲ ኤስ9 እንውሰድ። ስልኩ ይጠራል፣ ግን ምንም አይታይም። ይህ ሞዴል በታይፕ ሲ መሰኪያው ምስል ወደ ቴሌቪዥን ማውጣት ስለሚችል ዕድለኛ ነው። ኤችዲኤምአይና ዩኤስቢ መሰኪያዎች ያሉት ሃብ ይገዛል። ቴሌቪዥን፣ ኪቦርድና ማውስ ይሰካበታል። ሃቡ የቻርጅ መግቢያ ካለው ቻርጀሩም ይገባ፣ ባትሪው መሃል ላይ እንዳያልቅ። ቁልፍ ስክሪኑ ቴሌቪዥኑ ላይ ከታየ ቀሪው ከላይ እንዳየነው ነው። ካልታየ አትደንግጡ። ስልኩ እስኪከፈት ድረስ ምስል ላያወጣ ይችላል። የማብሪያ ቁልፉን ተጫኑ፣ ኪቦርዱ ላይ ኢንተር ምቱ፣ ፒኑን በጭፍን ጻፉ፣ እንደገና ኢንተር። መቆለፊያው ፓተርን ከሆነ ግን በጭፍን መሳል የማይሆን ነገር ነው።

ኤችዲኤምአይ የማያወጡ ስልኮች ብዙ ናቸው፣ በተለይ ዋጋቸው አነስ ያሉት። ለእነሱ ከአደጋው በፊት ኮምፒውተር ስልኩን እንዲያዝ የሚፈቅደው «USB debugging» በርቶ ከነበረና ኮምፒውተሩ ያኔ ከተፈቀደለት፣ adb በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራ ሌላ መንገድ አለ። ስልኩ ከተነሣ በኋላ ቢያንስ አንዴ ተከፍቶ መሆን አለበት።

```
adb devices
adb pull /sdcard/DCIM
```

የመጀመሪያው ትእዛዝ ስልኩን «device» ብሎ ካሳየ ሁለተኛው የካሜራውን ፎቶዎች በሙሉ ወደ ኮምፒውተሩ ያወርዳል። «unauthorized» ካለ ስልኩ በማይታየው ስክሪን ላይ ፈቃድ እየጠየቀ ነው፤ በዚህ መንገድ መቀጠል አይቻልም። ስልክ ቁጥሮቹም በዚህ ትእዛዝ አይወጡም፣ የተቀመጡት ተራ ተጠቃሚ በማይደርስበት ቦታ ነው።

ያ ሁሉ ካልሆነ የቀረው ዲስፕሌይ መቀየር ነው። ሰው የሚፈራው ወጪውን ነው፣ ግን አዲስና ሙጫ የተቀባ ስክሪን አያስፈልግም። ለዚያው ሞዴል የሚሆን ያገለገለ ዲስፕሌይ ይበቃል። ጥገና የሚሠራው ሰው ስልኩን ከፍቶ መጀመሪያ የባትሪውን መሰኪያ ይነቅላል፣ ከዚያ የዲስፕሌዩን ገመድ ብቻ ይሰካል። ስክሪኑ ሳይጣበቅ ጎን ላይ ተቀምጦ ይሠራል። ፒኑ ይገባል፣ ፋይሉ ይገለበጣል፣ ዲስፕሌዩ ይነቀላል። ባትሪው ስለተነቀለ ስልኩ እንደ አዲስ ይነሣል፣ ስለዚህ አሻራ አይሠራም፤ ፒኑን የሚያውቅ ሰው እዚያው መገኘት አለበት። ስልኩ «ሪሴት» እንዳይደረግ ደግሞ አስቀድማችሁ በግልጽ ተናገሩ። ዲስፕሌይ ለመቀየር ሪሴት ማድረግ አያስፈልግም።

አይፎን ላይ የማውሱ ዘዴ «AssistiveTouch» ቀድሞ ካልበራ አይሠራም። ኪቦርድ ሊሠራ ይችላል፣ ግን ጊዜው አጭር ነው። በ2018 ከወጣው 11.4.1 ስሪት ወዲህ፣ ስልኩ ተቆልፎ ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ ሳይከፈት አዲስ የዩኤስቢ ዕቃ አይቀበልም። ኮምፒውተር ሲሰካም «Trust» ለማለት ፒን ይጠይቃል። በአይፎን ቶሎ ወደ ዲስፕሌይ መቀየሩ የሚኬደው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ጉዳት ከሌሎቹ ይልቅ ያጣድፋል። የተሰነጠቀ ተች አንዳንዴ ማንም ሳይነካው ራሱን ይነካል። ቁጥሮች በራሳቸው ይጫናሉ፣ የተሳሳተ ፒን ይደጋገማል። አንድሮይድ ከጥቂት ስህተት በኋላ ማስጠበቅ ይጀምራል፣ የጥበቃውም ጊዜ እየረዘመ ይሄዳል። አይፎን ጭራሹን ሊዘጋ ይችላል፣ ከ10 ስህተት በኋላ ሁሉን እንዲያጠፋ የተደረገ ከሆነም ያጠፋዋል። ስክሪኑ በራሱ ሲጫን ካያችሁ «አታጥፉት» ያልኩት ይሻር። ወዲያው አጥፉትና የተቹ ገመድ እስኪነቀል ወይም ስክሪኑ እስኪቀየር አታብሩት።

ፒኑን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ግን ዲስፕሌይ መቀየሩም የሚያመጣው ነገር የለም። አዲሱ ስክሪን የሚያሳየው ያንኑ ቁልፍ ነው። ያኔ የሚገኘው ክላውድ፣ ሲምና ሜሞሪ ካርድ ላይ ያለው ብቻ ነው።

ስልኩ ተከፍቶ ስትገለብጡ «DCIM» ብቻ ወስዳችሁ አትሂዱ። እዚያ ያለው በዋናነት በካሜራው የተነሣው ነው። በዋትስአፕ የተላኩላችሁ ፎቶዎች በአዳዲስ አንድሮይዶች ላይ Android/media/com.whatsapp በሚለው ፎልደር ውስጥ ናቸው፤ ከስክሪን ላይ የተቀረጹትና ከሌሎች መተግበሪያዎች የተቀመጡት ደግሞ ብዙ ጊዜ «Pictures» እና «Download» ውስጥ ይገኛሉ። ከተገለበጡት ጥቂቶቹን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍታችሁ እስክታዩ ድረስ ሃቡን አትንቀሉ።