የሥራ ጥገኝነት፣ ላግና ሊድ፦ ቁፋሮና ቧንቧን በምሳሌ

በፕሮጀክት ዕቅድ ውስጥ የአንድ ሥራ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ በሌላ ሥራ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ሲወሰን ሁለቱ ሥራዎች ጥገኝነት አላቸው ይባላል። ወሳኙ ቀዳሚ፣ የሚወሰነው ደግሞ ተከታይ ነው። ፊኒሽ ቱ ስታርት ቀዳሚው ሳያልቅ ተከታዩ አይጀመርም የሚል ነው፤ በዕቅድ ሰነድ FS ተብሎ ይጻፋል። ስታርት ቱ ስታርት (SS) ቀዳሚው ሳይጀመር ተከታዩ አይጀመርም፣ ፊኒሽ ቱ ፊኒሽ (FF) ደግሞ ቀዳሚው ሳያልቅ ተከታዩ አያልቅም ይላል። አራተኛው SF ቀዳሚው ሳይጀመር ተከታዩ አያልቅም የሚል ሲሆን በግንባታ ዕቅድ ላይ ብዙም አያጋጥምም።

ላግ በሁለቱ ሥራዎች መካከል የግድ የሚጠበቅ ጊዜ ነው። ሊድ ደግሞ ተቃራኒው፣ ተከታዩን ወደፊት ስቦ የሚያስቀድም ነው፤ ሲጻፍም የመቀነስ ምልክት ይዞ FS-2 ይሆናል።

ደብረ ብርሃን ላይ ኮንክሪት ተሞልቶ ቅዳሜ ማታ አለቀ እንበል። ቀጣዩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት 7 ቀን መጠበቅ አለበት፤ ሠራተኛው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ይሠራል። በማይክሮሶፍት ፕሮጀክት FS+7d ብለን ከጻፍን ፕሮግራሙ የሥራ ቀን ብቻ ስለሚቆጥር እሑድን ይዘልና ተከታዩን ሥራ በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ላይ ያስቀምጠዋል። ኮንክሪቱ ግን እሑድም ይጠነክራል። FS+7ed ከተባለ የቀን መቁጠሪያው ቀን በሙሉ ይቆጠራል፣ ሥራውም ሰኞ ይጀመራል። በኅዳርና በታኅሣሥ የደብረ ብርሃን ውርጭ ኮንክሪትን ስለሚያዘገየው፣ ሞቃት ቆላ ላይ የበቃ ላግ እዚህ ላይበቃ ይችላል።

ከሁሉም በላይ ተማሪዎችን የሚያሳስተው ስታርት ቱ ስታርት ነው። የሰሜን ሸዋ የውሃ መስመር ሥራ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። 300 ሜትር ቦይ በቀን 30 ሜትር ይቆፈራል፣ ስለዚህ 10 ቀን ይፈጃል። የቧንቧ ዝርጋታው በቀን 50 ሜትር ስለሚሄድ 6 ቀን ይበቃዋል። ቦዩ በሙሉ እስኪያልቅ መጠበቅ አይመከርም፤ በመረሬ አፈር ላይ ክፍት የቆየ ቦይ ዝናብ ሲመታው ይናዳል። ስለዚህ ዕቅዱ SS+3 ይላል፦ 3 ቀን ከተቆፈረ በኋላ ቧንቧው ይጀመር።

ቁጥሩን ስንከተለው ቧንቧው በ4ኛው ቀን ጀምሮ በ9ኛው ቀን ያልቃል። ቁፋሮው ግን የሚያልቀው በ10ኛው ቀን ነው! በ7ኛው ቀን ማታ 210 ሜትር ተቆፍሮ 200 ሜትር ቧንቧ ተዘርግቷል። በ8ኛው ቀን ማታ ቧንቧው 250 ሜትር መድረስ ሲኖርበት የተቆፈረው 240 ሜትር ብቻ ነው፤ ዘርጊዎቹ ቆፋሪዎቹን ደርሰውባቸው ቆመዋል። ምክንያቱም SS የሚያስረው መጀመሪያን ብቻ ስለሆነ ነው፤ መጨረሻው ልቅ ነው። ተከታዩ ከቀዳሚው ፈጥኖ የሚሠራ ከሆነ FF መጨመር ግድ ይላል። FF+1 ብንጨምር ቧንቧው ከ11ኛው ቀን በፊት አያልቅም። ሳይቋረጥ 6 ቀን የሚሠራ ከሆነም መጀመሪያው 6ኛው ቀን ይሆናል።

ፕሪማቬራ የተባለው የዕቅድ ፕሮግራም በሁለቱ ሥራዎች መካከል SSንም FFንም አብሮ ይቀበላል። ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ግን በአንድ ጥንድ ሥራ መካከል ከአንድ በላይ አይፈቅድም። መፍትሔው «ቁፋሮ አለቀ» የሚል የ0 ቀን ማይልስቶን፣ ማለትም ጊዜ የማይፈጅ የምልክት ሥራ፣ በ2ኛ ተራ ማስገባትና ቁፋሮውን በFS ማያያዝ ነው። ቁፋሮ 1ኛ፣ ቧንቧ 3ኛ ተራ ላይ ሲሆኑ በPredecessors ዓምድ ከቧንቧው ረድፍ ላይ ይህ ይጻፋል፦

```
1SS+3d,2FF+1d
```

ፈተና ላይ የተለመደው ጥያቄ ይህን ይመስላል፦ ሥራ ሀ 5 ቀን፣ ሥራ ለ 4 ቀን ይፈጃል፤ ግንኙነታቸው FS+2 ነው፤ ለ መቼ ያልቃል? ሀ ከ1ኛው እስከ 5ኛው ቀን ይሠራል፤ 6ኛውና 7ኛው የመጠበቂያ ናቸው፤ ለ በ8ኛው ጀምሮ በ11ኛው ቀን ያልቃል። ብዙዎች 5 ላይ 2 ደምረው «በ7ኛው ቀን ይጀመራል» ይላሉ፤ 7 ግን የመጨረሻው የጥበቃ ቀን ነው። ግንኙነቱ FS-2 ቢሆን ለ በ4ኛው ቀን ጀምሮ በ7ኛው ያልቃል። አንዳንድ መምህራን ቆጠራውን ከ0 ይጀምራሉ፤ ያኔ በFS+2 የለ መጀመሪያ 7፣ መጨረሻው 11 ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ መልስ ከመጻፍ በፊት ጥያቄው የመጀመሪያውን ቀን 0 ወይስ 1 እንዳለው ማየት ያስፈልጋል።

ከበድ ያለው ጥያቄ ደግሞ FS-4 እና SS+6 አንድ ናቸው ወይ የሚለው ነው። በ10 ቀኑ ቁፋሮ ላይ ሁለቱም ተከታዩን በ7ኛው ቀን ያስጀምሩታል። ቁፋሮው ዓለት አጋጥሞት 14 ቀን ቢፈጅ ግን FS-4 መጀመሪያውን ወደ 11ኛው ቀን ይገፋዋል፤ SS+6 በ7ኛው ቀን ላይ ይቀራል።