ከኬሞ በፊት የመውለድ አቅምን ማቆየት ምንድን ነው?

ኬሞቴራፒ ከመጀመሩ በፊት የሴት እንቁላል፣ የወንድ ዘር ወይም የባልና ሚስት ጽንስ ተወስዶ በጥልቅ ቅዝቃዜ ይቀመጣል። ሕክምናው ካለፈ በኋላ ልጅ ለመውለድ በር እንዲኖር ነው። ጊዜው ግን በጣም ጠባብ ነው።

አንዲት የ31 ዓመት ሴት እናስብ፤ ሰላም እንበላት። ፒያሳ ሱቅ አላት፣ አላገባችም። ለጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት አሁን ጥቁር አንበሳ ኬሞ ልትጀምር ነው። የታዘዙላት ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ ናቸው። በየሦስት ሳምንቱ፣ አራት ዙር። ከዚያ ሌላ መድኃኒት ይከተላል።

ሴት ልጅ የምትወለደው እንቁላሎቿን ይዛ ነው። ከዚያ በኋላ አዲስ አይሠራም። ሳይክሎፎስፋማይድ ደግሞ ከዚሁ ክምችት ላይ ይቀንሳል። በሰላም ዕድሜ የወር አበባ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። ተመለሰ ማለት ግን ክምችቱ እንደ ድሮው ነው ማለት አይደለም። ዕጢዋ በሆርሞን የሚያድግ ከሆነ ደግሞ ለዓመታት የሆርሞኑን ሥራ የሚከለክል ክኒን ትወስዳለች። በዚህ መሃል ዕድሜም ይሄዳል።

ስለዚህ እንቁላል ማስቀመጥ ከፈለገች ኬሞው ከመጀመሩ በፊት ሁለት ሳምንት ገደማ ያስፈልጋታል። የወር አበባዋን ቀን መጠበቅ የለባትም፤ በማንኛውም ቀን ይጀመራል። ከ10 እስከ 12 ቀን እንቁላል የሚያሳድግ መርፌ በየቀኑ ትወጋለች። በአልትራሳውንድም ትታያለች። ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ከፍ እንዳይል ሌትሮዞል የሚባል ክኒን አብሮ ይሰጣታል። እንቁላሎቹ ሲደርሱ የመጨረሻ መርፌ ትወጋና ከ36 ሰዓት ገደማ በኋላ በማደንዘዣ ይወሰዳሉ። የተወሰደው ሁሉ ልጅ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ሲቀልጥም ሲዳቀልም የሚጠፋ አለ።

ወንዶች ጋ ነገሩ ቀላል ነው። ከኬሞ በፊት አንድ ወይም ሁለት ናሙና መስጠት ይበቃል። ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳይነገራቸው ኬሞ የሚጀምሩ ወጣቶች መኖራቸው ያሳዝነኛል።

ሴቶች ኬሞ ላይ ሳሉ እንቁላሎቹ የሚገኙበትን ኦቫሪ የሚያሳርፍ ወርሃዊ መርፌም አለ። ጎሰረሊን ይባላል። ከመጀመሪያው ኬሞ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ይጀመራል። ጉዳቱን ሊቀንስ ይችላል እንጂ እንቁላል ማስቀመጥን አይተካም።

እኛ ጋ ያለው ችግር ብዙ ጊዜ የጥያቄው አለመነሳት ነው። ላላገባች ልጅ አባትና ወንድም አጠገቧ ተቀምጠው ስለ መውለድ ማውራት ይከብዳል። ሐኪሙም ወረፋው አያፋታውም። ሰላም ለብቻዋ መግባት ትችላለች። «ዶክተር፣ ወደፊት መውለድ እፈልጋለሁ፤ ኬሞ ከመጀመሬ በፊት ምን ይደረግልኛል?» ብላ ትጠይቅ። ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለው። እንቁላል ማስቀመጥ ይሠራ እንደሆነ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነና መቼ መጀመር እንደሚቻል አስቀድሞ መጠየቅ ቀን ያተርፋል።

ኬሞው ካለቀ በኋላ ክትትሉ የሚያየው ካንሰሩ መመለሱን ብቻ አይደለም። ኦቫሪ ሥራውን ካቆመ ኤስትሮጅን ይወርዳል። ያኔ አጥንት ከሚገነባው ይልቅ የሚፈርሰው ይበዛል፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት። ህመም ስለሌለው ሰው የሚያውቀው ሲሰበር ነው። ቀድሞ የሚያሳየው የወገብና የዳሌ አጥንት ጥግግት የሚለካ ዴክሳ የሚባል ራጅ ነው። የቀጣዩ ውጤት ከፊተኛው ጋር እንዲወዳደር በዚያው መሣሪያ ቢነሳ ጥሩ ነው።

ልብን የሚነካው ዶክሶሩቢሲን ነው፤ ቀዩ መድኃኒት። ጉዳቱ በዙር ይደመራል። ሰላም በእያንዳንዱ ዙር ለአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 60 ሚሊግራም ብትወስድ፣ በአራቱ 240 ይሆናል። 250 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ አደጋ ተብሎ ይቆጠራል፤ እሷ ከጠርዙ በታች ናት፣ ግን ብዙም አልራቀችም። ስለዚህ ከኬሞ በፊት የልብ አልትራሳውንድ፣ ማለትም ኢኮ፣ ያስፈልጋታል። ከኬሞ በኋላም እንደገና ትነሳለች። ልብ በአንድ ምት ከያዘው ደም ውስጥ የሚገፋው በጤነኛ ሰው ከ50 በመቶ በላይ ነው። ከፊተኛው 10 ነጥብ ወርዶ ከ50 በታች ከገባ፣ ህመም ባይሰማትም መድኃኒት መጀመር ሊያስፈልግ ይችላል።

የልብ ድካሙ ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። እርግዝና ደግሞ የልብን ሥራ በእጅጉ ይጨምራል። ስለዚህ ሰላም ያስቀመጠችውን እንቁላል ለመጠቀም ስትወስን፣ ጽንሱ ማህፀኗ ከመግባቱ በፊት ኢኮ ትነሳ። የእርግዝና ክትትል ስትጀምርም «ዶክሶሩቢሲን፣ በድምሩ 240» የሚለውን ወረቀት ታሳይ። በእርግዝና ጊዜ የእግር እብጠትና የትንፋሽ ማጠር «ያው እርግዝናው ነው» ተብሎ ይታለፋል። ጋደም ስትል ትንፋሽ የሚያጥራት ከሆነ ግን ያን ወረቀት ያየ ሐኪም ኢኮ ያዛል።