ዩሮ፣ ፓውንድ፣ የንና ብር በአንድ የዶላር ድምር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ የሚኖር አንድ ባለሀብት ንብረቱ በአምስት ገንዘብ የተበተነ ነው እንበል። ለንደን ላይ ዋጋው 75.20 የሚነበብ 2,000 አክሲዮን፣ ፍራንክፈርት ላይ እያንዳንዱ 150 ዩሮ የሆነ 40 አክሲዮን፣ ቶኪዮ ላይ እያንዳንዱ 2,500 የን የሆነ 100 አክሲዮን፣ ኒውዮርክ ላይ 5,000 ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን፣ አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ ደግሞ 500,000 ብር አለው። ሁሉም በዶላር ስንት ነው? ለስሌቱ እንዲያመች ተመኖቹን በክብ ቁጥር እንያዝ፦ አንድ ዩሮ 1.10 ዶላር፣ አንድ ፓውንድ 1.30 ዶላር፣ አንድ ዶላር 150 የን፣ ባንክ አንድ ዶላር የሚሸጠው በ125 ብር።

«ብዛቱን በዋጋው፣ ከዚያም በቀጥታ ተመኑ ማባዛት ነው፤ ሌላ ምን አለው?»

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከማባዛቱ በፊት ሁለት ነገር መታየት አለበት። አንደኛው የዋጋው መለኪያ ነው። ለንደን ላይ አብዛኛው አክሲዮን የሚጠራው በፓውንድ ሳይሆን በፔንስ ነው፤ አንድ ፓውንድ 100 ፔንስ ነው። ስክሪኑ ላይ 75.20 ሲል 75.20 ፔንስ እንጂ 75.20 ፓውንድ ማለቱ አይደለም። በትክክል ሲሰላ 2,000 አክሲዮን 1,504 ፓውንድ፣ በዶላር 1,955.20 ነው። ፔንሱን ፓውንድ ብሎ የወሰደ ሰው 195,520 ዶላር ያነባል። መለያው የገንዘቡ ኮድ ነው፦ ፓውንድ GBP፣ ፔንስ ደግሞ GBX ተብሎ ይጻፋል። ጎግል ሺትስ የአንድን አክሲዮን መለኪያ ራሱ ይናገራል፦

```
=GOOGLEFINANCE("LON:VOD","currency")
```

መልሱ GBX ከሆነ ለ100 ይካፈላል። ግን ሁሉንም የለንደን ዋጋ በጅምላ ለ100 ማካፈልም ሌላ ስህተት ነው፤ እዚያው ለንደን ላይ በፓውንድ ወይም በዶላር የሚጠሩ ፈንዶች አሉና እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ይጠየቅ።

ሁለተኛው የተመኑ አቅጣጫ ነው። EURUSD የአንድ ዩሮን ዋጋ በዶላር ይነግራል፤ ስለዚህ ዩሮው ይባዛል። USDJPY ግን የአንድ ዶላርን ዋጋ በየን ስለሚነግር የኑ ይካፈላል፦ 250,000 ለ150 ሲካፈል 1,666.67 ዶላር። ይህን ያባዛ ሰው 37.5 ሚሊዮን ስለሚያገኝ ወዲያው ይነቃል። አደገኛው ተመኑ ወደ አንድ የተጠጋ የገንዘብ ጥንድ ነው። 6,000 ዩሮ በ1.10 ሲባዛ 6,600፣ ሲካፈል ደግሞ 5,455 ገደማ ይመጣል፤ ሁለቱም እውነት ስለሚመስሉ ስህተቱ ለወራት ሳይታይ ይቆያል። መፍትሄው ሁሉንም ጥንድ በአንድ አቅጣጫ መጥራት ነው፤ የሪፖርቱ ገንዘብ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይሁን። ብዛቱ በA፣ ዋጋው በB፣ የገንዘቡ ኮድ በC ዓምድ ካለ፦

```
=IF(C2="USD", A2*B2,
 IF(C2="GBX", A2*B2/100*GOOGLEFINANCE("CURRENCY:GBPUSD"),
 A2*B2*GOOGLEFINANCE("CURRENCY:"&C2&"USD")))
```

ለባንክ ሂሳብ ብዛቱ ላይ ተቀማጩ፣ ዋጋው ላይ 1 ይገባል። ብርን በዚህ ቀመር አናስላው፤ ምክንያቱ ወደ ታች ይመጣል። የየንን ተመን በእጅ 0.0067 ብሎ መጻፍም አይመከርም፤ በመጠጋጋቱ ብቻ 1,666.67 የነበረው 1,675 ይሆናል።

የምሳሌያችን ትክክለኛ ድምር 19,221.87 ዶላር ነው። በእያንዳንዱ መስመር አጠገብ ከጠቅላላው ስንት በመቶ እንደሆነ የሚያሳይ ዓምድ ይኑር። የፔንሱ ስህተት ቢፈጸም የለንደኑ መስመር ከ10 በመቶ ገደማ ወደ 92 በመቶ ስለሚዘል ድምሩን ሳያምኑት በፊት ይታያል።

«ትርፌን ለማወቅ የገዛሁበትንም የዛሬውንም በዛሬው ተመን ቀይሬ አቀናንሳለሁ»

ይህ ከሁሉም በላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው፤ ቁጥሩ ንጹህ መስሎ ስለሚወጣም ማንም አይጠራጠረውም። የፍራንክፈርቱ 40 አክሲዮን እያንዳንዱ በ140 ዩሮ የተገዛ ነው፤ በጠቅላላው 5,600 ዩሮ። በዚያን ቀን አንድ ዩሮ 1.20 ዶላር ነበር፤ ስለዚህ ከኪስ የወጣው 6,720 ዶላር ነው። ዛሬ አክሲዮኑ 6,000 ዩሮ፣ በ1.10 ሂሳብ 6,600 ዶላር ያወጣል። በዩሮ 400 ትርፍ አለ። በዶላር ግን 120 ኪሳራ ነው። ሁለቱንም በዛሬ ተመን የቀየረ ሰው የገዛበትን 6,160 አድርጎ 440 ዶላር አትርፌያለሁ ይላል።

ኪሳራው ከየት እንደመጣ ለይቶ ማየት ይቻላል። የአክሲዮኑ ዋጋ ያመጣው 400 ዩሮ በድሮው ተመን 480 ዶላር ነው። ምንዛሪው የወሰደው ደግሞ አሁን በተያዘው 6,000 ዩሮ ላይ ለእያንዳንዱ ዩሮ አሥር የአሜሪካ ሳንቲም፣ ማለትም 600 ዶላር። 480 ሲደመር 600 ሲቀነስ ያው 120 ኪሳራ። በመቶኛ ሲሠራ ግን ሁለቱ አይደመሩም፤ ይባዛሉ። አክሲዮኑ 7.14 በመቶ ወጥቷል፣ ዩሮው 8.33 በመቶ ወርዷል፤ 1.0714 በ0.9167 ሲባዛ 0.982፣ ወይም 1.8 በመቶ ገደማ ኪሳራ።

ስለዚህ በተገዛበት ቀን የነበረው ተመን ከግዢው ጋር ተጽፎ መቀመጥ አለበት። ደላላው ዶላሩን ራሱ መንዝሮ ከሆነ በሰነዱ ላይ ያለው ተመን ነው የሚወሰደው፤ ክፍያው በውስጡ ስላለ ከገበያው ይለያል። ሰነዱ ከጠፋ የቀኑን ተመን እንዲህ ማውጣት ይቻላል፦

```
=INDEX(GOOGLEFINANCE("CURRENCY:EURUSD","price",DATE(2024,3,15)),2,2)
```

አክሲዮኑ የተገዛው በተለያየ ጊዜ ከሆነ እያንዳንዱ ግዢ የራሱ መስመርና የራሱ ተመን ይኖረዋል። የትርፍ ድርሻም እንዲሁ ነው፤ በገባበት ቀን ተመን ይመዘገባል።

«ተመኑ ቀጥታ ስለሆነ ድምሩም የአሁኗ ደቂቃ ዋጋ ነው»

የምንዛሪ ገበያ ከእሁድ ማታ እስከ ዓርብ ማታ በኒውዮርክ ሰዓት ያለማቋረጥ ይሠራል፤ የአክሲዮን ገበያ ግን ይዘጋል። ቶኪዮ የሚዘጋው ኒውዮርክ ከመከፈቱ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ቀድሞ ነው። ስለዚህ በአሜሪካ ቀን ላይ ስክሪኑ የሚያሳየው የቶኪዮው መስመር ከሰዓታት በፊት የተዘጋ ዋጋ በዚህች ደቂቃ ተመን ተመንዝሮ ነው።

ይህ ምን ያመጣል? በአሜሪካ ቀን የኑ ጠንክሮ ከ150 ወደ 147 ቢመጣ መስመሩ ከ1,666.67 ወደ 1,700.68 ከፍ ይላል። ነገር ግን የየን መጠንከር ወደ ውጭ የሚልኩ የጃፓን ኩባንያዎችን ገቢ ስለሚቀንስ በማግስቱ ቶኪዮ ሲከፈት አክሲዮኑ ሊወርድ ይችላል። ወደ 2,450 የን ከወረደ 245,000 ለ147 ሲካፈል እንደገና 1,666.67 ነው። በመሃል የታየው 34 ዶላር ማንም ሊሸጥበት የሚችል ዋጋ አልነበረም።

በተጨማሪም «ቀጥታ» የተባለው ሁሉ የእውነት ቀጥታ አይደለም። ጎግል ራሱ መረጃው እስከ 20 ደቂቃ ሊዘገይ እንደሚችል ይገልጻል። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ተመን ደግሞ በሥራ ቀን አንዴ፣ በመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት 16፡00 ገደማ የሚወጣ ማመሳከሪያ ነው፤ አንዳንድ ነጻ የተመን አገልግሎቶች የሚያቀርቡት ይኸንኑ ነው።

ለዕለት ክትትል ይህ ሁሉ ችግር የለውም። ለወር መጨረሻ መዝገብ ግን አንድ ቋሚ ሰዓት ይመረጥና ተመኖቹ ሁሉ ከአንድ ምንጭ፣ በአንድ ሰዓት ይወሰዱ። ብዙ ፈንዶችና የአክሲዮን ኢንዴክሶች በለንደን ሰዓት 16፡00 የሚወጣውን ተመን የሚጠቀሙት ለዚህ ነው። ከዚያ ዋጋውም ተመኑም ተገልብጠው በ`Ctrl+Shift+V` እንደ ቁጥር ብቻ ይለጠፉ። ቀመሩ ከተተወ የጥር ድምር በሰኔ ተመን ራሱን እየቀየረ ይሄዳል፤ ያለፈው ዓመት እድገትም በየቀኑ ሌላ ቁጥር ይሆናል።

«በፓውንድ የሚሸጥ ፈንድ ስለያዝኩ ፓውንድ ቢወርድ እጎዳለሁ»

ፈንዱ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ይታይ። የኤስ ኤንድ ፒ 500 አክሲዮኖችን የያዘ ፈንድ ለንደን ላይ በፓውንድ ቢሸጥም ውስጡ የዶላር ንብረት ነው። ፓውንድ በ10 በመቶ ቢወርድ የፈንዱ የፓውንድ ዋጋ በ11 በመቶ ገደማ ይወጣል፣ ዶላሩም ባለበት ይቆያል። የተያዘው የምንዛሪ መከላከያ ያለው፣ ማለትም የምንዛሪ ለውጥ ዋጋውን እንዳይነካው ውል የተገባለት የፈንዱ ዓይነት ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ስለዚህ ለስሌት የሚሸጥበት ገንዘብ፣ ለአደጋ ግምት ደግሞ ውስጡ ያለው ገንዘብ በሁለት ዓምድ ይጻፍ።

«የብር ሂሳቤን ስክሪኑ ላይ በማየው ተመን እመነዝረዋለሁ»

የምንዛሪ ድረ ገጾች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳዩት በመግዣና በመሸጫ መሃል ያለ አንድ ቁጥር ነው። ብር ይዞ ዶላር የሚፈልግ ሰው ግን ከባንኩ ዶላር ገዢ ነው፤ የሚመለከተው የባንኩ መሸጫ ነው። ባንኩ ዶላር በ123 ገዝቶ በ125 የሚሸጥ ከሆነ 500,000 ብር በመሸጫው 4,000 ዶላር፣ በስህተት በመግዣው ከተሰላ 4,065 ይሆናል። ባንኮች የየራሳቸውን ተመን ስለሚያወጡ ሂሳቡ ያለበት ባንክ የዕለቱ ሰንጠረዥ ይወሰድ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 29 ቀን 2024፣ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ በአንድ ቀን ወደ 75 ብር ገደማ ወጣ። ከለውጡ በፊት በነበረው ሳምንት ተመን የተሰላ 500,000 ብር 8,770 ዶላር ገደማ ሲል፣ በአዲሱ 6,670 ገደማ ሆነ። በእጅ የተጻፈ ተመን ያለው ሰንጠረዥ ይህን አያየውም፤ ስለዚህ ከብር ተመኑ አጠገብ የተወሰደበት ቀን ይጻፍ።

የትይዩ ገበያውን ተመን ከዚህ ድምር ውስጥ ማስገባት አይገባም፤ ማንም ተመልሶ ሊያረጋግጠው የሚችል ሰነድ የለውም። ብሩን ወደ ዶላር መንዝሮ ማውጣት ገደብ ካለበት ደግሞ ተመኑን በግምት ከመቀነስ ይልቅ ድምሩ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ብሩን ጨምሮ፣ ሌላው ያለ ብሩ። በምሳሌያችን 19,221.87 እና 15,221.87።

አሜሪካ ላሉ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። የውጭ ሂሳቦች ድምር በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ጊዜ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ኤፍባር የሚባለው ሪፖርት ይቀርባል። እዚያ ላይ የሚሠራው የባንኩም የስክሪኑም ተመን አይደለም። ሂሳቡ በዓመቱ ውስጥ የደረሰበት ከፍተኛ መጠን በብር ይወሰድና የአሜሪካ ግምጃ ቤት ለዲሴምበር 31 ባወጣው ተመን ይመነዘራል፤ ከፍተኛው መጠን የነበረው በመጋቢት ቢሆንም እንኳ። ስለዚህ የኤፍባሩ ቁጥር ከፖርትፎሊዮው ሰንጠረዥ ጋር ባይገጥም ስህተት ነው ማለት አይደለም፤ በሰንጠረዡ ለብቻው ዓምድ ይሰጠው።