በሠንጠረዡ ግርጌ ያለው ጽሑፍ፦ የስዊዘርላንድን የባቡርና የአውቶብስ ሰሌዳ ማንበብ

ስዊዘርላንድ ውስጥ በየባቡር ጣቢያው ቢጫ ወረቀት ተለጥፎ ይታያል። የመነሻ ሰዓቶች ናቸው። ነጩ ደግሞ የመድረሻ ነው። ሰው ሁሉ ሮጦ የሚያየው ሰዓቱን ነው። ሰዓቱ አጠገብ የተቀመጠችውን ትንሽ ምልክት፣ ምልክቷ ምን ማለት እንደሆነ የሚናገረውን የግርጌ ጽሑፍ ደግሞ የሚያነበው ጥቂት ነው። ባቡሩ የሚመጣው ግን ሰዓቱና ምልክቱ ሲገናኙ ብቻ ነው።

ምልክቶቹ ብዙ አይደሉም። በክብ ውስጥ የተጻፉ ከ1 እስከ 7 ያሉ ቁጥሮች የሳምንቱን ቀናት ይወክላሉ። ቆጠራው ከሰኞ ይጀምራል። 6 ቅዳሜ፣ 7 እሁድ ነው። እኛ ሳምንቱን ከእሁድ መቁጠር ስለለመድን እዚህ ላይ አንድ ቀን መሳት ቀላል ነው። በክብ ውስጥ ያለችው «ኤ» ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ጠቅላላ በዓላትን ሳይጨምር ማለት ነው። «ሲ» ቅዳሜ፣ እሁድና ጠቅላላ በዓላት ናት። ሁለት የተጠላለፉ መዶሻዎች ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለውን የሥራ ቀን ያሳያሉ፣ በዓል ሲሆን ግን አይሠሩም። መስቀል እሁድንና በዓላትን ያመለክታል። ቅዳሜ መንገደኛን የሚያደናግረው በዚህ የተነሳ ነው። በመዶሻው ሰሌዳ የሥራ ቀን ነው፣ በ«ሲ» ሰሌዳ የእረፍት ቀን ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ የሚለያዩት የተለያየ መስመር ላይ ስለተጻፉ ብቻ ነው።

ጠቅላላ በዓል የሚባሉት ዘጠኝ ቀናት ናቸው፦ ጃንዋሪ 1 እና 2፣ ስቅለት፣ የፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ዕርገት፣ የጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ፣ የአገሪቱ ብሔራዊ ቀን ኦገስት 1፣ ዲሴምበር 25 እና 26። ዝርዝሩ የትራንስፖርት ሰሌዳው የራሱ ነው። ካንቶኖቹ፣ ማለትም ክፍለ ግዛቶቹ፣ የየራሳቸው የበዓል ዝርዝር አላቸው። ሜይ 1 ዙሪክ ውስጥ ሱቅ ይዘጋል፣ ከዘጠኙ ውስጥ ግን የለችም። የካቶሊክ ካንቶኖች የሚያከብሩት የቅዱስ ቁርባን በዓልም የለም። ስለዚህ በዚያ ቀን የረጅም ርቀት ባቡሮች እንደ ወትሮው ይሄዳሉ። የከተማ ትራምና አውቶብስ ግን የአካባቢውን በዓል በራሳቸው ማስታወሻ ሊጨምሩና በእሁድ ሰሌዳ ሊሠሩ ይችላሉ። በአንድ ጉዞ ላይ ባቡሩ በሥራ ቀን፣ ከጣቢያው የሚቀበልህ አውቶብስ በእሁድ ሰሌዳ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ለባቡሩም ለአውቶብሱም የየራሳቸውን ግርጌ ማየት ግድ ይላል።

በአንድ እውነተኛ ሳምንት እንየው። እ.ኤ.አ. በ2026 የምዕራባውያኑ ዕርገት ሐሙስ ሜይ 14 ነው። አንድ ቤተሰብ ሐሙስ ጠዋት በርን ከተማ ተነስቶ ተራራ ሥር ያለች መንደር ዘመድ ጋር አድሮ ዓርብ ሊመለስ አሰበ እንበል። ሐሙስ ሥራ ቀን ይመስላል፣ ነገር ግን በሰሌዳው በዓል ነው። «ኤ» ያለበት የማለዳ አውቶብስ አይመጣም። መዶሻ ያለበትም አይመጣም። የሚመጡት ምልክት የሌላቸው፣ «ሲ» ያለባቸውና መስቀል ያለባቸው ናቸው። በክብ ውስጥ 4 ቁጥር ብቻ ካለበት ደግሞ በዓል ቢሆንም ሐሙስ ሐሙስ ነውና ይሄዳል፣ ማስታወሻው በዓልን ካላስቀረ በስተቀር።

ዓርብ ሜይ 15 ነገሩ ይገለበጣል። ብዙ ሰው በሐሙሱና በቅዳሜው መሐል ያለችውን ቀን እረፍት ወስዶ አራት ቀን ያርፋል። መንገዱ የበዓል ይመስላል። ሰሌዳው ግን ተራ ዓርብ ነው ይላል። «ኤ» ይሠራል፣ «ሲ» አይሠራም። አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፦ በመንደር አውቶብሶች ላይ «በትምህርት ቀናት ብቻ» የሚል ማስታወሻ አለ። ትምህርት ቤቶች ያችን ዓርብ ብዙ ቦታ ስለሚዘጉ ቀኑ የሥራ ቀን ሆኖም አውቶብሱ አይኖርም። የትምህርት ቀን የሚወሰነው በአካባቢው የትምህርት ቤት ካላንደር ነው፣ ከጣቢያው ግድግዳ ላይ አይነበብም። መንደር ለሚሄድ ሰው ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ማስታወሻ በእኔ እይታ ይሄ ነው።

የእኛ ዕርገት ደግሞ ከሳምንት በኋላ፣ ሜይ 21 ይውላል። ቀኑ ለስዊዘርላንድ ሰሌዳ ተራ ሐሙስ ነው። በዚያው ዓመት የምዕራባውያኑ ስቅለት ኤፕሪል 3፣ የኛ ኤፕሪል 10 ነው። በዓሉን አስበን «ዛሬ እሁድ ሰሌዳ ይሆናል» ብለን ቁጭ የምንልበት ቀን እዚያ ማንም በዓል አላደረገውም። እነሱ ስቅለትን ሲያከብሩ ደግሞ እኛ ገና ጾም ላይ ነን፣ ትራንስፖርቱ በበዓል ሰሌዳ ይሄዳል።

የሌሊቱ ጉዳይ ለቤተ ክርስቲያን ሰው የሚጠቅም ነገር አለው። በዙሪክ አካባቢ የሌሊት ባቡርና አውቶብስ የሚሠራው በሳምንት መጨረሻ ነው፦ ለቅዳሜ አጥቢያና ለእሁድ አጥቢያ። ማስታወሻው «የዓርብና የቅዳሜ፣ የቅዳሜና የእሁድ ሌሊት» ብሎ ሁለት ሁለት ቀን አጣምሮ ይጽፋል። ፋሲካ ሁልጊዜ እሁድ ስለሚውል ሥርዓቱ ቅዳሜ ሌሊት ነው። ስለዚህ ከቅዳሴ ወጥቶ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ወደ ቤት የሚሄድ ሰው የሌሊት አገልግሎት ያገኛል። ገና ግን እንደዚያ አይደለም። በ2026 ገና የዋለው ረቡዕ ጃንዋሪ 7 ነበር። የዋዜማው ሌሊት ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ነው። የሳምንት መጨረሻ ስላልሆነ የሌሊት መስመሩ አይሠራም። የመጨረሻው መደበኛ ባቡር ካመለጠ በኋላ ያለው አማራጭ ታክሲ ወይም መኪና ያለው ምእመን ነው። ገናው ከዓመት ዓመት የሳምንቱን ቀን ስለሚቀይር ዓምና የሠራው ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል።

እዚህ ላይ የሰዓት ጉዳይም አለ። በሰሌዳው 00:20 የሚል አለ፣ በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ20 ነው። ቅዳሜ ማታ ተዝናንቶ ለሚመለስ ሰው ያ ሰዓት እሁድ ነው። በስልክ የጉዞ መተግበሪያ ላይ ስትፈልግ፣ ለምሳሌ በስዊዘርላንድ ባቡር ድርጅት «SBB Mobile»፣ የምታስገባው የእሁድን ቀን መሆን አለበት። ቅዳሜ ብለህ 00:20 ብታስገባ ያለፈውን ሌሊት፣ የዓርብ ማታውን ያመጣልሃል። በወረቀት ሰሌዳ ላይ ደግሞ ከእኩለ ሌሊት በፊት የተነሳ ባቡር መነሻው ላይ የነበረውን ቀን ይዞ ሊቀጥል ይችላል። ጥርጣሬ ካለ መነሻ ጣቢያው ላይ ስንት ሰዓት እንደተነሳ ማየት ነው።

ወቅታዊው አገልግሎት የራሱ ዓለም ነው። የግሪምዘልና የፉርካ የተራራ ማለፊያ መንገዶች ከ2,100 ሜትር በላይ ናቸው፣ በአውሮፓ ክረምት በበረዶ ይዘጋሉ። በእነሱ ላይ የሚያልፉት ቢጫ የፖስታ አውቶብሶች ሰሌዳቸው ላይ የቀን ክልል ይጻፍባቸዋል፣ ከጁን መጨረሻ አካባቢ እስከ ኦክቶበር ድረስ። «20.6.–11.10.» የሚመስል ጽሑፍ ነው። ቀኑ ከወሩ ይቀድማል፣ ስለዚህ «11.10.» ኦክቶበር 11 ነው። አሜሪካ የለመደ ሰው ኖቬምበር 10 ብሎ ያነበዋል። ክልሉ ላይ ቁጥር 6 ወይም 7 ከተጨመረበት ደግሞ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቅዳሜ ወይም እሁድ ብቻ ነው። በክልሉ መሐል አለ ብሎ ረቡዕ ቀን ፌርማታ ላይ መቆም ከብዙዎቹ ስህተቶች አንዱ ነው።

ወቅታዊነት ከየት እንደሚመጣ የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ በሬአልፕና በኦበርቫልድ መንደሮች መካከል አለ። በሁለቱ መሐል ሁለት ባቡሮች ይሄዳሉ። አንዱ በ1982 በተከፈተው፣ 15 ኪሎ ሜትር በሚያልፈው የፉርካ መሿለኪያ ዓመቱን ሙሉ ይመላለሳል። ሌላው በአሮጌው ሐዲድ ተራራውን የሚወጣው የእንፋሎት ባቡር ነው። በሙሉ መስመሩ ወደ ኦበርቫልድ የተመለሰው በ2010 ሲሆን የሚሠራው በአውሮፓ በጋ፣ ያውም በተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ መስመሩ ላይ ያለው የሽቴፈንባኽ ድልድይ ይናገራል። ድልድዩ የተሠራው በ1925 ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ድልድይ የበረዶ ናዳ ጠራርጎ ወስዶታል። ስለዚህ አዲሱ ታጣፊ ሆኖ ተሠራ። በየመከሩ ሠራተኞች ያጥፉታል፣ በጸደይ መልሰው ይዘረጉታል። ድልድዩ በታጠፈበት ወር መስመሩ ላይ ሰሌዳ የለም። አንድ ሰው የካርታ መተግበሪያ ላይ ሐዲዱን አይቶ ማርች ላይ ቢመጣ በመሿለኪያው ያልፋል እንጂ ተራራውን አያይም።

ማስታወሻው የሚሰጠው የታቀደውን ቀን መሆኑም መታወቅ አለበት። ጁን ላይ በረዶው ገና ካልተጠረገ መንገዱ ዘግይቶ ይከፈታል፣ ሴፕቴምበር ላይ ከበረደ ለጥቂት ቀናት ይዘጋል። ይህን የሚናገረው ግርጌው አይደለም፣ የዕለቱ ማሳወቂያ ነው። ለሐዲድ ጥገናም እንደዚያው ነው። ጉዞው የሚወሰንበት አውቶብስ በቀን አንድ ወይም ሁለቴ ብቻ የሚሄድ ከሆነ በመተግበሪያው ትክክለኛውን ቀን አስገብቶ መመልከት ይሻላል፣ እዚያው ቀንና በዓል ተሰልቶ ይመጣል። ሰሌዳው ላይ የስልክ ሥዕል ካለ ደግሞ አውቶብሱ አስቀድሞ በስልክ ካልታዘዘ አይመጣም። ብዙ ሰው በባዶ ፌርማታ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰሌዳው ራሱም ይለወጣል። የአውሮፓ ባቡሮች አዲስ ሰሌዳ የሚጀምሩት በዲሴምበር ሁለተኛው ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ላይ ነው። በ2026 ለእሁድ ዲሴምበር 13 አጥቢያ ይሆናል፣ በእኛ ታኅሣሥ 4 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ዘንድሮ ከግድግዳ ላይ ፎቶ ያነሳኸው ቢጫ ወረቀት ከዚያ ቀን በኋላ ለማጣቀሻ እንኳ አይሆንም። የሚያገለግልበት ጊዜ ከወረቀቱ ራስጌ ላይ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ተብሎ ታትሟል። የግርጌ ምልክቶችን ከመፍታትህ በፊት እሱን እይ።