ዴሊሪየም ምንድን ነው?

«ሲስተርዬ፣ እንደምን ዋልሽ። የእማዬ ሁለቱም እግሮች ካበጡ ሦስት ሳምንት ሆነ። አሁን ደግሞ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ትዘባርቃለች። ጠዋት ደህና ትሆንና ማታ ‹ለአባትሽ እራት አቅርቡለት› ትላለች። አባዬ ከሞተ 9 ዓመቱ ነው። እስከ እሑድ ድረስ የጡረታ ብሯን ራሷ ቆጥራ የምትቀበል ሰው ናት።»

ይህን መልእክት ከአሜሪካ ሆኜ አዲስ አበባ ላለችው የእናቴ ነርስ ላክሁ። ዘመዶቼ «78 ዓመት ቀላል ነው እንዴ? ጃጅታ ነው» ብለውኝ ነበር። ሲስተር ግን «እስከ እሑድ» የምትለዋን ቃል ያዘች።

መጃጀት ቀስ ብሎ፣ በወራትና በዓመታት ነው የሚመጣው። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የሚመጣ መደናገር ዴሊሪየም ይባላል። አንዴ ሻል ይላል፣ አንዴ ይብሳል። ሰውየው ሐሳቡን መሰብሰብ ያቅተዋል። አንዳንዱ ይጮኻል፣ ይረበሻል። ሌላው ዝም ብሎ ያንቀላፋል፤ ይሄኛው «ደክሟት ነው» እየተባለ ይታለፋል። ዴሊሪየም ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን ሰውነት ውስጥ ሌላ ችግር እንዳለ የሚናገር ምልክት ነው። ኢንፌክሽን፣ የስኳር መውረድ ወይም መድኃኒት ሊያመጣው ይችላል።

ሲስተር እማዬን ቀኖቹን ከእሑድ ወደ ኋላ እንድትቆጥር ጠየቀቻት። «እሑድ፣ ቅዳሜ፣ ዓርብ... ቅዳሜ...» ብላ ቀረች። ትኩሳቷ፣ ስኳሯና ኦክስጅኗ ደህና ነበሩ። ከዚያ «የመድኃኒቱን ፌስታል በሙሉ አምጡልኝ» አለች።

ነገሩ የተገኘው እዚያ ነው። የግፊት መድኃኒቷ አምሎዲፒን ከ5 ወደ 10 ሚሊግራም ከፍ ብሎ ነበር። አምሎዲፒን ትንንሾቹን የደም ስሮች ስለሚያሰፋ ውኃ ወደ እግር ሥጋ ይሰርጋል። መጠኑ ሲጨምር እብጠቱም ይጨምራል። እብጠቱን ለማጉደል ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባል የሚያሸና ክኒን ተጨመረላት። እንዲህ ያለውን እብጠት ግን የሚያሸና መድኃኒት ብዙም አይነካውም። ይልቅ ሶዲየም የሚባለውን፣ ጨው ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር በሽንት ያስወጣል፤ በተለይ አሮጊቶችን ይጎዳል። በደም ምርመራ ሶዲየም በሊትር ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል መሆን ሲገባው የእማዬ 119 ሆኖ ተገኘ። በደም ውስጥ ሶዲየም ሲያንስ ውኃ ወደ አንጎል ሴሎች ይገባና ያብጣሉ። መዘባረቋ ከዚያ ነው።

ጨው በጥብጦ ማጠጣት አይሆንም። ሶዲየም በፍጥነት ከፍ ካለ አንጎልን ይጎዳል፤ ስለዚህ ሆስፒታል ተኝታ፣ እየተለካ፣ ቀስ ተብሎ ነው የተስተካከለላት። ሐኪሙ የሚያሸናውን ክኒን አቆመ፣ አምሎዲፒኑን ወደ 5 መለሰ። በራስ ፈቃድ የሚደረግ አይደለም።

ሲስተር ስለ እግሩም ጠይቃ ነበር። አንዱ ብቻ አብጦ ቢያም የደም መርጋት ያሰጋል። ጋደም ስትል ትንፋሽ ቢያጥራት ደግሞ ልብ ይጠረጠራል። ሁለቱም ቀጠሮ አይጠብቁም።

በስድስተኛው ቀን በስልክ ከእሑድ ወደ ኋላ እስከ ሰኞ ድረስ ቆጠረችልኝ። ማታ ማታ ግን ለሁለት ሳምንት ያህል ትንሽ ትደናገር ነበር።