ለድርጅት ደንበኞች የሚላከው የቅናሽ ደብዳቤ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የዓመት መጨረሻ ደብዳቤ ከሆነ ጳጉሜን ላይ እንላከው»

ለእንኳን አደረሳችሁ ካርድ ጳጉሜን ጥሩ ነው። የሥልጠና አዳራሽ ለሚሸጥ እንደኛ ዓይነት ሆቴል ግን ረፍዷል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የብዙ ድርጅቶች በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ከሐምሌ እስከ መስከረም ስለሆነ ጳጉሜን ላይ የቀረው መስከረም ብቻ ነው።

እኛ ግንቦት መጨረሻ ላይ እንልካለን። ሰኔ ከገባ የፋይናንስ ሰዎች ሒሳብ በመዝጋት ይጠመዳሉ፤ ማን ደብዳቤ ያነባል? የአዲሱ ዓመት ገንዘብ ገና ስላልተለቀቀም «አሁን ያዙ፣ ቀብዱን ሐምሌ ላይ ክፈሉ» እንላለን።

«ቅናሹን ከፍ ብናደርገው ቶሎ ይወስናሉ»

የሚያዘገያቸው ዋጋው ብቻ አይደለም። ፕሮፎርማ መሰብሰብ አለ፣ ግዥ ክፍል አለ፣ የኃላፊ ፊርማ አለ። ቅናሹ በእጥፍ ቢያድግ ፊርማው አይፈጥንም።

እኛን ግን ይጎዳናል። አዳራሽ፣ ምሳና ሻይ ቡና አንድ ላይ በሰው በቀን 1,500 ብር ነው እንበል። ወጪያችን 1,125 ከሆነ የሚተርፈው 375 ብር ነው። 10 በመቶ ስንቀንስ 150 ብር ከትርፉ ላይ ይነሳና 225 ይቀራል። የበፊቱን ትርፍ ለማግኘት 100 ሰው እናስተናግድ ከነበረ አሁን 167 ሰው መምጣት አለበት! ስለዚህ ቅናሹን የምንሰጠው አዳራሹ ባዶ ለሚውልባቸው ቀናት ብቻ ነው። በክረምቱ የሐምሌና የነሐሴ ሳምንታት እንሰጣለን፤ ያለ ቅናሽም ለሚሞሉት ቀናት አንሰጥም።

«ማብቂያውን ‹እስከ 30› ማለት ይበቃል»

ይህን ስህተት የሠራሁት ራሴ ነኝ። ሰኔ 30 ማለቴ ነበር። በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሚሠራ አንድ ደንበኛ ጁን 30 መስሎት፣ ያ ቀን ሲያልፍ ዕድሉ አመለጠኝ ብሎ ሌላ ቦታ ያዘ። ጁን 30 እኮ ሰኔ 23 ነው። ሳምንት ሙሉ ይቀረው ነበር። አሁን «እስከ ሰኔ 30፣ ማለትም ጁላይ 7» ብዬ ሁለቱንም እጽፋለሁ።

«ስለ ስረዛ ባናነሳ ይሻላል፤ ደንበኛ ያስበረግጋል»

የሚያስበረግገው በኋላ የሚመጣ ጭቅጭቅ ነው። ቀብዱ እስከ መቼ እንደሚመለስ፣ 40 ሰው ብሎ 28 ቢመጣ የስንቱ እንደሚከፈል በሁለት መስመር ይጻፍ። ዋጋው ቫትን መጨመሩም ይገለጽ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ስለሆነ የጾም ምሳ ለስንት ሰው እንደሚሆንም አብረን እንጠይቃለን። አንድ ጊዜ ሳንጠይቅ ቀርተን ወጥ ቤቱ ሽሮ ፍለጋ ሲራወጥ አይቻለሁ።