ለዲስሌክሲያ የሚሆን መጽሐፍ ምንድን ነው?

«ልጁ ዲስሌክሲያ ካለበት የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ስጡት።» ይህን ምክር ሰሞኑን እንደገና አነበብኩት፤ አሁንስ ዝም ማለት አቃተኝ። መካሪው ቅን ሰው ናቸው። ግን ዲስሌክሲያን ነገር ካለመረዳት ጋር ቀላቅለውታል። የሚከብደው ፊደሉን ከድምፁ ጋር ፈጥኖ ማገናኘት ነው እንጂ ታሪኩን መረዳት አይደለም።

ደብረ ብርሃን የማስተምረው አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ አለ። ብቻውን ሲያነብ «ቡ»ን «ቢ» ይላል፣ መስመር ይዘላል፣ ገጹ ሲያልቅ ያነበበው ሁሉ ጠፍቶበታል። ያንኑ ገጽ ሳነብለት ግን ማን ማንን እንዳታለለና ለምን እንዳታለለ አንድ ሳያስቀር ይነግረኛል። መጽሐፍ የምመርጥለት ሰምቶ በሚረዳው ልክ ነው።

ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር የሚወጣ ሹፌር ዳገቱ ከበደኝ ብሎ ጭነቱን መንገድ ላይ አያራግፍም። ማርሽ ይቀይራል። ታሪኩ ጭነቱ ነው፤ እሱን አንነካም። የምንቀይረው አቀራረቡን ነው።

የመጽሐፉ ርዝመት ላይ ብዙ አልልም፤ አንዴ ተቀምጦ የሚጨርሰው አጭር ታሪክ ይበቃል። ፎንቱ ላይ ግን እሟገታለሁ። ብዙ የሚወራላቸው የዲስሌክሲያ ፎንቶች ለላቲን ፊደል የተሠሩ ናቸው። እዚያም ቢሆን ከተለመደው ፎንት የተሻለ እንደሚያስነብቡ ጥናቶች አስተማማኝ ማስረጃ አላገኙም። የሚረዳው የፊደሉ መጠንና የመስመሩ ክፍተት ነው፤ ፊደሉ ከ12 እስከ 14 ነጥብ፣ ክፍተቱም ሰፋ ያለ። የልጁ መጽሐፍ ኤ5 ላይ በ10 ነጥብ የታተመ ነበር። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደን በ141 በመቶ አሳድገን ኤ4 ላይ አወጣነው። ፊደሉ 14 ነጥብ ሆነ፣ የመስመሩም ክፍተት አብሮ ሰፋ። የጀርባው ጽሑፍ እንዳያሳልፍ ወረቀቱን በአንድ ወገን ብቻ አሳተምን።

እኚሁ መካሪ «መስማት ማንበብ አይደለም» ይላሉ። ለዚህ ልጅ ግን መስማቱ ንባቡን ያግዘዋል። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። «አለ» ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ነው። ሌላው አንባቢ ከዓረፍተ ነገሩ ይገምታል፤ ፊደል ሲለይ አቅሙ ያለቀበት ልጅ ግን ለግምት የሚተርፈው የለም። ስለዚህ እህቱ ታሪኩን በስልኳ ቀዳችለት፤ እሱ እየሰማ መስመሩን በጣቱ ይከተላል። ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ የፊተኛውን መኪና መብራት እንደ መከተል ነው። መብራቱ ከራቀ ግን ዋጋ የለውም። ጣቱ ከድምፁ ወደ ኋላ ከቀረ ተራኪዋ ፈጥናለች ማለት ነው፤ ረጋ ትበል። ቃሉን ፊደል በፊደል መቆራረጥ ግን አይሆንም፣ ትርጉሙ ይበተናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዲስሌክሲያ ነው ከማለት በፊት የልጁ ዓይንና ጆሮ ይታይ። ቤቱ ኦሮምኛ ወይም አርጎብኛ የሚነገርበት ልጅ በአማርኛ ንባብ ቢደናቀፍ ደግሞ ገና ቋንቋውን እየለመደ ሊሆን ይችላል። «ሀ»ን በ«ሐ» ቦታ መጻፍም የዲስሌክሲያ ምልክት አይደለም፤ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ማንም ያምታታቸዋል።